ለአንድ የዩቲዩብ ቪዲዮ ሁለት ርዕስ ስናወዳድር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሲቲአሩ ከፍ ያለው ርዕስ አሸነፈ፤ አለቀ።»

አላለቀም። ሲቲአር የሚናገረው ርዕሱና ታምኔሉ መቶ ጊዜ ቢታዩ ስንት ጊዜ እንደተነኩ ብቻ ነው። ሰውየው ከገባ በኋላ ቆየ ወይስ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ወጣ ለሚለው መልስ የለውም። ያንን የሚመልሰው አማካይ የዕይታ ቆይታ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ከማየት ይልቅ ማባዛት ነው የሚያዋጣው።

በምሳሌ እንየው። የ9 ደቂቃ ቪዲዮ አለ፤ የሚያንጠባጥብ የውሃ ቧንቧን ጎማ አውጥቶ በአዲስ መቀየርን ያሳያል። ሁለት ርዕስ ቀረበለት፦

ሀ. «የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፦ ጎማውን ብቻ ቀይሮ መጠገን»
ለ. «ቧንቧ ሠራተኞች የማይነግሯችሁ ሚስጥር»

ርዕስ ለ ሲቲአሩ 6 በመቶ ሆነ፤ የገባው ሰው በአማካይ 3 ደቂቃ ቆየ። ርዕስ ሀ 5 በመቶ አመጣ፤ የገባው ግን 4 ደቂቃ ቆየ። ሲቲአር ብቻ የሚያይ ሰው ለን መርጦ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። በ1,000 ኢምፕሬሽን፣ ማለትም ታምኔሉ 1,000 ጊዜ ታይቶ ሲሰላ ግን ለ 60 ሰው በ3 ደቂቃ፣ ማለትም 180 ደቂቃ ያመጣል፤ ሀ ደግሞ 50 ሰው በ4 ደቂቃ፣ 200 ደቂቃ። ያነሰ የተነካው ርዕስ የበለጠ የዕይታ ደቂቃ አመጣ።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ለን የነካው ሰው የሚጠብቀው ሚስጥር ነው። ቪዲዮው ተከፍቶ ዋናውን ውሃ መዝጋትና መፍቻ መያዝ ሲጀመር፣ ቤቱ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ የሌለው ሰው ይወጣል። ይህ በተመልካች ማቆያው ግራፍ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ የመጀመሪያዎቹን 30 ሰከንዶች አወዳድሩ። በለ ጊዜ መስመሩ መጀመሪያው ላይ ተንዶ ከዚያ በኋላ እንደ ሀ ጠፍጠፍ ብሎ ከሄደ ችግሩ ርዕሱ የገባው ቃል ነው። መሃል ላይ በሁለቱም ርዕስ እኩል የሚወርድ ከሆነ ግን ጥፋቱ የቪዲዮው ነው፤ ርዕስ ቢቀያየር አይድንም።

በስሌቱ ላይ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። በአናሊቲክስ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚታየው አማካይ ቆይታ የሁሉንም ዕይታ ነው፤ ከኖቲፊኬሽንና ከሌሎች ድረ ገጾች የመጡትንም ይጨምራል። እነዚህ ደግሞ በኢምፕሬሽን ቆጠራ ውስጥ የሉም። ኢምፕሬሽን የሚባለው በራሱ በዩቲዩብ ውስጥ ታምኔሉ ቢያንስ ግማሹ ከአንድ ሰከንድ በላይ ሲታይ ነው። ስለዚህ ከኢምፕሬሽን የመጣውን ሲቲአር ከየትም በመጣ ቆይታ ማባዛት የማይገናኙ ነገሮችን ማገናኘት ነው። በቪዲዮው አናሊቲክስ ውስጥ Reach በሚለው ገጽ Impressions and how they led to watch time የሚል ክፍል አለ፤ ከኢምፕሬሽን የመጣውን ቆይታ ለብቻው የሚሰጣችሁ እሱ ነው።

«እንግዲያው ቆይታን ያወረደ ርዕስ ሁሉ አታላይ ነው።»

ይህም ወደ ሌላው ጫፍ መሮጥ ነው። ለ ሲቲአሩ 8 በመቶ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያው በ3 ደቂቃው 240 ደቂቃ አምጥቶ ሀን በረጅሙ ይበልጠው ነበር። ርዕስ ሰፊ ሕዝብ ሲጠራ ጉዳዩ ብዙም የማይመለከታቸውም አብረው ይገባሉ፤ አማካዩ ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። የሚያሳስበው ብዜቱ ሲወርድ ነው።

«ባለፈው ሳምንት ሀ ነበር፣ ሲቲአሩ 4.4 በመቶ መጣ። በዚህ ሳምንት ቀየርኩት፣ 4.0 ወረደ። አዲሱ ርዕስ ደካማ ነው።»

እዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የሚያልቀው፤ ደህና ርዕስ በዚህ ስሌት በየቀኑ ይጣላልና። ርዕሱ ሲቀየር ሌላው ነገር ሁሉ ባለበት አልቆመም። ዩቲዩብ ቪዲዮውን የሚያሳያቸው ሰዎች ከሳምንት ሳምንት ይለያያሉ። የቻናሉን ሰብስክራይበሮችና ጉዳዩን ፈልገው የመጡትን ካዳረሰ በኋላ ለማያውቁት ሰዎች መነሻ ገጽ ላይ ያወጣዋል። የማያውቅ ሰው ደግሞ ትንሽ ነው የሚነካው። ኢምፕሬሽን ሲበዛ ሲቲአር የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ርዕሱ ባይነካ እንኳ ይወርዳል።

የዚያው የቧንቧ ቪዲዮ ቁጥር ሲበተን ይህን ይመስላል። ሦስተኛ ርዕስ እንጨምር፣ ሐ፦ «ቧንቧችሁ ተዘግቶም ለምን ያንጠባጥባል?»

በሀ ሳምንት ከፍለጋ 2,000 ኢምፕሬሽን መጥቶ 200 ተነካ፣ 10 በመቶ። ከመነሻ ገጽ 8,000 መጥቶ 240 ተነካ፣ 3 በመቶ። ድምሩ ከ10,000 ውስጥ 440፣ ማለትም 4.4።

በሐ ሳምንት ከፍለጋ 1,000 መጥቶ 110 ተነካ፣ 11 በመቶ። ከመነሻ ገጽ 19,000 መጥቶ 684 ተነካ፣ 3.6 በመቶ። ድምሩ ከ20,000 ውስጥ 794፣ ወደ 4.0 ገደማ።

ሐ በሁለቱም ቦታ በልጦ በድምሩ ተሸነፈ። አስማት የለውም፦ በሐ ሳምንት ከመቶው 95ቱ ኢምፕሬሽን ሲቲአር ዝቅ ከሚልበት ከመነሻ ገጽ መጣ፤ በሀ ሳምንት ግን ከመቶው 80ው ብቻ ነበር። የፍለጋው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል፤ የመነሻ ገጹ ግን የምር ነው። «ደካማ» የተባለው ርዕስ የተሻለው ነበር።

ስለዚህ ድምሩን አትመልከቱ። በአናሊቲክስ Advanced mode ግቡ፣ Traffic source ምረጡ፣ ርዕስ ሀ የነበረበትን ቀን ከዚያም ርዕስ ሐ የነበረበትን ቀን ለየብቻ አውጡ። መነሻ ገጹ ያለበትን Browse featuresን ከBrowse features፣ Suggested videosን ከSuggested videos ጋር አወዳድሩ። YouTube searchን በጥንቃቄ ያዙት፤ በርዕሱ ውስጥ ያሉት ቃላት ሲቀየሩ ቪዲዮው የሚወጣበት የፍለጋ ዓይነትም አብሮ ስለሚቀየር የሚታዩት ሰዎች ያው ሰዎች አይደሉም።

በእጅ የምትፈትኑ ከሆነ ትናንት የወጣ ቪዲዮ አይሆንም። በየቀኑ ተመሳሳይ ኢምፕሬሽን የሚያገኝ፣ የመጀመሪያ ግርግሩ ያለፈለት ቪዲዮ ምረጡ። ሀን 7 ቀን፣ ሐን 7 ቀን፣ እንደገና ሀን 7 ቀን፣ ሐን 7 ቀን አድርጉ። ሰባት የሚሆነው ቅዳሜና እሑድ ከሥራ ቀን ስለሚለይ ነው፤ የሚደገመው ደግሞ በዚያው ሳምንት ሌላ ነገር ተፈጥሮ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ሐ በሁለቱም ዙር ከበለጠ እመኑት። አንዴ በልጦ አንዴ ከተበለጠ ልዩነት የላቸውም ብላችሁ ተዉት። ርዕሱ የተቀየረበትን ቀን ከሒሳቡ አውጡ፤ የዩቲዩብ አናሊቲክስ ቀን የሚቆጠረው በአሜሪካ ፓስፊክ ሰዓት ስለሆነ የናንተ እኩለ ሌሊት የእሱ እኩለ ሌሊት ላይሆን ይችላል። የመጨረሻውንም ቁጥር ለማንበብ ሁለት ሦስት ቀን ታገሡ፤ የኢምፕሬሽን መረጃ ዘግይቶ ነው የሚሞላው።

«ከ4 ወደ 4.6 ወጣ! 15 በመቶ እድገት ነው።»

ከስንት ኢምፕሬሽን? ከየርዕሱ 5,000 ከሆነ አንዱ 200፣ ሌላው 230 ጊዜ ተነክቷል ማለት ነው። የ30 ልዩነት ያው ርዕስ ራሱ ሁለቴ ቢፈተንም ሊመጣ ይችላል።

የሁለቱ ኢምፕሬሽን ተቀራራቢ ሲሆን የምትሠሩበት ቀላል ዘዴ አለ። የሁለቱን ጠቅታ ደምሩ፣ የድምሩን ስኩዌር ሩት አውጡ፣ በሁለት አባዙት። የጠቅታው ልዩነት ከዚያ ካልበለጠ ምንም አላወቃችሁም። እዚህ ድምሩ 430፣ ሩቱ ወደ 21፣ እጥፉ 42 ነው። 30 ከ42 ያንሳል፤ ስለዚህ አይፈረድም። ያው 4 እና 4.6 ከየርዕሱ 20,000 ኢምፕሬሽን ላይ ቢመጣ ግን 800 እና 920 ነው፤ ድምሩ 1,720፣ የሩቱ እጥፍ ወደ 83፣ ልዩነቱ 120። አሁን መናገር ይቻላል።

ትንሽ ቻናል ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ይከፋል። ግን የሚጠቅመው ነገር አለ፦ ኢምፕሬሽን ጥቂት ከሆነ ተቀራራቢ ርዕሶችን አትፈትኑ። «መጠገን»ን በ«አጠጋገን» መቀየር በ3,000 ኢምፕሬሽን አይታወቅም። ሐሳቡ ራሱ የሚለይ ርዕስ፣ እንደ ሀ እና ሐ አንዱ መፍትሔውን አንዱ ጥያቄውን የሚያስቀድም፣ ልዩነቱ ትልቅ የመሆን ዕድል ስላለው በትንሽ ቁጥርም ሊታይ ይችላል። ፈተናው የሚያልቅበትንም ቀን አስቀድማችሁ ወስኑ። በየማለዳው እየከፈቱ የወደዱት ርዕስ ሲቀድም ማቆም ፈተና አይደለም።

«የዩቲዩብ የራሱ መፈተኛ ብዙ የተነካውን ይመርጣል።»

የሚመርጠው በዕይታ ሰዓት ነው። ርዕስን መፈተኛው በ2025 ነው ከታምኔል መፈተኛው ጋር የተጨመረው፤ እስከ ሦስት ርዕስ ይቀበላል፣ እስከ ሁለት ሳምንት ይሄዳል። ለተለያዩ ሰዎች የተለያየውን ርዕስ በአንድ ጊዜ ስለሚያሳይ ከላይ የተባለው የሳምንታት መዘበራረቅ አይነካውም። ካገኛችሁት በእጅ አትድከሙ። ልዩነት የለም ብሎ ሲመልስም መሣሪያው ተበላሽቶ አይደለም፤ ርዕሶቹ እኩል ናቸው ወይም ኢምፕሬሽኑ አልበቃም።

«ርዕስ መቀየር ቪዲዮውን ከዜሮ ያስጀምረዋል።» አያስጀምረውም፤ ዕይታውም አስተያየቱም ባለበት ነው።

«ከ10 በታች ሲቲአር ውድቀት ነው።» ዩቲዩብ ራሱ እንደሚለው ከቻናሎችና ከቪዲዮዎች ግማሹ በ2 እና በ10 በመቶ መካከል ነው።

«አንዱን ቪዲዮ በሁለት ርዕስ ሁለቴ እጭናለሁ።» ሁለቱ ቅጂዎች ለተለያዩ ሰዎች በተለያየ ጊዜ ይታያሉ፤ የምታወዳድሩት ርዕሱን ሳይሆን ዕድላቸውን ነው።

«ርዕሱን ስቀይር ታምኔሉንም አብሬ አደስኩት።» እንግዲያው ለውጡ ከየትኛው እንደመጣ አታውቁም። ታምኔሉን መልሱና ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩ።