ኤፒቲቲ ብቻ ሲረዝም፦ ምክንያቱ ያልታወቀ መድማት እና የድብልቅ ምርመራ

የደም መርጋት ሰንሰለት፣ ፋክተር ከሚባሉ ባለቁጥር የመርጋት ፕሮቲኖች የተሠራው፣ በመማሪያ መጻሕፍት በሁለት ቅርንጫፍ ይሳላል። አንዱ በፋክተር 7 ይጀምራል፤ ሌላው ከፋክተር 12 ተነስቶ በ11፣ በ9 እና በ8 ያልፋል። ሁለቱ ፋክተር 10 ላይ ይገናኙና በ5 እና በ2 በኩል ፋይብሪኖጅንን ወደ ፋይብሪን ይለውጣሉ። በሰውነት ውስጥ መርጋት እንዲህ ተከፋፍሎ አይካሄድም፤ ሥዕሉ ዋና ጥቅሙ የላቦራቶሪ ውጤት ለማንበብ ነው። ፕላዝማ ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ በሰከንድ ከሚለኩት ምርመራዎች ፒቲ የመጀመሪያውን፣ ኤፒቲቲ ሁለተኛውን ቅርንጫፍ ከጋራው ክፍል ጋር ይፈትሻሉ።

አንድ የ72 ዓመት አዛውንት ሳይመቱ ክንዳቸውና ጭናቸው ላይ ሰፋፊ የበለዘ ደም ታየ እንበል። ቀደም ሲል ጥርስ ሲነቀሉም ሆነ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ደም አላስቸገራቸውም። ፕሌትሌት 240,000፣ ፒቲ 12.5 ሰከንድ፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ኤፒቲቲ ግን 78 ሰከንድ ሆኗል፤ በዚያ ላቦራቶሪ ጤነኛው ከ25 እስከ 35 ነው።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ናሙናው ነው። ሰማያዊ ክዳን ያለው ቱቦ 9 እጅ ደም ለ1 እጅ ሲትሬት ይፈልጋል፤ ደሙ ካነሰ ትርፉ ሲትሬት ለመርጋት የሚያስፈልገውን ካልሲየም ስለሚይዝ ውጤቱ በሐሰት ይረዝማል። መርጋትን በሚከለክለው ሄፓሪን ከታጠበ የደም ሥር መስመር የተቀዳ ደምም እንዲሁ ያሳስታል። ስለዚህ ከሌላ ክንድ እንደገና ይቀዳል።

ድጋሚውም 77 ከሆነ የታካሚው ፕላዝማ ከጤነኛ ሰዎች ፕላዝማ ጋር እኩል በእኩል ይደባለቃል። ፋክተር ብቻ ከጎደለ ጤነኛው ፕላዝማ ጉድለቱን ይሞላና ጊዜው ይስተካከላል፤ ፋክተሩን የሚያጠፋ ፀረ እንግዳ አካል ካለ ግን የተጨመረውንም ያጠፋዋል። ብዙ ጊዜ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። የፋክተር 8 ፀረ እንግዳ አካል ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ወዲያው የተለካው ድብልቅ 36 ሰከንድ ሆኖ የተስተካከለ ይመስላል። ያው ድብልቅ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ2 ሰዓት ከቆየ በኋላ ግን 63 ይደርሳል። ፋክተር 8 በሙቀት በራሱም ስለሚደክም፣ ሁለቱን ፕላዝማዎች ለየብቻ 2 ሰዓት አቆይቶ መጨረሻ ላይ የሚደባለቅ ማነጻጸሪያ የግድ ያስፈልጋል። እሱ 39 ከሆነ ልዩነቱ የፀረ እንግዳው አካል ሥራ ነው።

ሉፐስ አንቲኮአጉላንት የተባለው ሌላ ፀረ እንግዳ አካል አብዛኛውን ጊዜ ገና ሲደባለቅ ሳይስተካከል ይታያል፤ የሚያመጣውም በዋናነት መድማትን ሳይሆን የማይፈለግ መርጋትን ነው። የፋክተር 12 እጥረትም ኤፒቲቲን እጅግ ቢያስረዝም አያደማም፤ የሚደማን ሰው በእሱ ማሳበብ አይቻልም።

የእኚህ ሰው ፋክተር 8 ከመቶ 2 ሆኖ ተገኘ፤ በሽታው በውርስ ሳይሆን ከተወለዱ በኋላ የመጣ ሄሞፊሊያ ኤ ነው። ፕላዝማ ወይም ፋክተር 8 መስጠት ብዙም አይረዳም፤ የተሰጠው ይጠፋልና። መድማቱን ለማቆም ፋክተር 8ን የሚያልፍ መድኃኒት፣ ለምሳሌ የነቃ ፋክተር 7 ይሰጣል። ፀረ እንግዳውን አካል ለማጥፋት ደግሞ ፕሬድኒሶሎን ይጀመራል። እስከዚያ ድረስ በጡንቻ መርፌ መውጋትና የበለዘውን ቦታ መቅደድ ክልክል ነው።