የእድር የገንዘብ ማሰባሰቢያ ቪዲዮ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሁለት ደቂቃ ምን አላት? ስቶሪቦርድ ምን ያደርጋል፣ ሄደን እንቀርጻለን።»

አጭር ስለሆነች ነው ስቶሪቦርድ፣ ማለትም በየሰከንዱ የሚታየውንና የሚሰማውን አስቀድሞ የሚያሳይ ዕቅድ፣ የሚያስፈልጋት። ያላችሁ 120 ሰከንድ ብቻ ነው። ሳይታሰብበት የተቀረጸ ነገር ግማሹ ሰላምታ ሆኖ ያልቃል። ሥዕል መቻልም ግዴታ አይደለም። ደብተር ላይ ሦስት አምድ አስምሩ፦ ሰከንድ፣ የሚታየው፣ የሚሰማው።

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለ አንድ እድር እንውሰድ። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት የሚያስቀምጥበት መጋዘን ጣሪያው ያፈሳል እንበል። ስቶሪቦርዱ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

ከ0 እስከ 12 ሰከንድ፦ የታጠፈው ድንኳን ላይ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ፣ በጣም ከቅርብ። ተራኪ የለም፣ ቆርቆሮውን የሚመታው ዝናብ ብቻ ይሰማል። እስከ 35፦ ካሜራው ይርቃል። መጋዘኑ፣ ከጀርባው ኮንዶሚኒየሞቹ፣ ድንኳኑን ተሸክመው የሚወጡ ወጣቶች። ትረካው እዚህ ይጀምራል። እስከ 65፦ አንዲት የእድሩ አባል በራሷ ድምፅ ትናገራለች። እስከ 90፦ አናጢው ጣሪያውን ሲለካ፣ ገንዘብ ያዡ የዋጋ ማቅረቢያውን ሲያሳይ። የቀረው 30 ሰከንድ ጥያቄውና የሂሳብ ቁጥሩ ነው።

የሊቀመንበሩ ንግግር የት ገባ? አልገባም። የእድሩ ታሪክ ለዓመታዊው ስብሰባ ይቆይ። የማያውቃችሁ ተመልካች መጀመሪያ ማየት የሚፈልገው ችግሩን ነው።

ጥቅምት ላይ ከሆነ የምትቀርጹት ዝናብ አታገኙም። ያኔ በባልዲ ውሃ እያፈሰሳችሁ እንዳታስመስሉ። የሻገተውን ጨርቅና ግድግዳው ላይ የቀረውን የውሃ መስመር ቅረጹ። ጎረቤት ሲያየው እውነት መሆኑን ያውቃል።

«ተራኪው ሁሉንም ነገር ማስረዳት አለበት።»

የአማርኛ ቃል ረጅም ነው። ረጋ ብሎ የሚያነብ ሰው በሁለት ደቂቃ ወደ 200 ቃል ቢያነብ ነው። አባሏ የምትናገርበትንና የዝናቡን ድምፅ ስትቀንሱ ለተራኪው የሚቀረው 120 ቃል ገደማ ይሆናል። በግምት አትሂዱ፤ ስልካችሁ ላይ ሰዓት ከፍታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ካለፈ ቁረጡ እንጂ አታፍጥኑ።

ምን ይቆረጥ? ዓይን ያየውን የሚደግመው። «እንደምታዩት ጣሪያችን ያፈሳል» የሚለው ይውጣ፤ ውሃው እየታየ ነው። በምትኩ ምስሉ የማይናገረውን በሉ፦ «ይህ ድንኳን ከበሰበሰ ለቅሶ የደረሰበት ጎረቤታችን እንግዳ የሚያስቀምጥበት የለውም።»

ትረካውን መጋዘኑ ውስጥ አትቅዱ። ቆርቆሮ ያስተጋባል፣ ውጭ ደግሞ ነፋሱ ማይክራፎኑን ይመታል። መጋረጃና ፍራሽ ያለበት መኝታ ቤት ይሻላል። ብዙ ሰው ድምፅ አጥፍቶ ስለሚያይም ዋናዎቹን ዓረፍተ ነገሮች በጽሑፍ አስገቡ።

«ሲያስለቅስ ነው ሰው የሚሰጠው።»

ለቅሶ ያሳዝናል፣ ግን ገንዘቡ ምን እንደሚሠራ አይናገርም። አዝኖ የጨረሰ ሰው «እግዜር ይርዳቸው» ብሎ ያልፋል። እንዲሰጥ ደግሞ የሚጨብጠው ነገር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጥያቄውን በቆርቆሮ ክፈሉት። አናጢው 40 ቆርቆሮ ያስፈልጋል ካለ፣ የአንዱን ቆርቆሮ የዕለቱን ዋጋ ከነሚስማሩና ከነእንጨቱ ድርሻ አስልታችሁ ተናገሩ። «አንድ ቆርቆሮ የእኔ» ማለት ለማንም ቀላል ነው።

ባሏን የቀበረችን እናት ካሜራ ፊት አስቀምጦ እስክታለቅስ መጠበቅ ደግሞ ነውር ነው። ስቶሪቦርዱ ላይ ከ35 እስከ 65 ያለው ቦታ ለእሷ ከሆነ፣ አስቀድማችሁ ምን እንደምትጠየቅ ንገሯት። የት የት እንደሚለጠፍም ትወቅ። ጥያቄው «እንዴት አዘንሽ?» አይሁን። «ያን ቀን እድሩ ምን ይዞልሽ መጣ?» በሏት። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ሌሊት አብሮ ያደረውን ጎረቤት ትነግራችኋለች። ቪዲዮው የሚፈልገው ይህንን ነው። ከተቀረጸ በኋላም አሳዩዋት፤ «ይቅር» ካለች ይቀራል።

«የሂሳብ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ብቅ ካለ ይበቃል።»

ሦስት ሰከንድ የታየ ቁጥር ማንም አይቀዳውም። ቢያንስ 15 ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ ይቁም፤ የባንኩ፣ የቴሌብሩና የሂሳቡ ባለቤት ስም አብረው ይታዩ። ቁጥሩን ከቪዲዮው በታች በጽሑፍም ለጥፉት፣ ኮፒ ለማድረግ እንዲመች። ሂሳቡ በእድሩ ስም ይሁን። የግለሰብ ስም ያየ ሰው እጁን ይሰበስባል፣ አይፈረድበትም። ገንዘቡ በስንት ሰው ፊርማ እንደሚወጣም ተራኪው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር።

ይህን ክፍል በስቶሪቦርዱ ላይ ለብቻው ሣጥን ስጡት፣ ትረካውንም ለብቻው ቅዱት። የቆርቆሮ ዋጋ ሲለወጥ ወይም ገንዘቡ ሲሞላ የመጨረሻውን 30 ሰከንድ ብቻ ትቀይራላችሁ።