በጎንደር ክረምት ፍሪጅ ከውጭ ሲያልበው

ክረምት ሲገባ ጎንደር ውስጥ የብዙ ቤት ፍሪጅ ከውጭ ማላብ ይጀምራል። በሩ ላይ ስስ እርጥበት ይታያል። የፍሪዘሩ ጠርዝ ላይ ጠብታዎች ይደረደራሉ። አንዳንዴም ውሃው በበሩ ወርዶ ወለሉ ላይ ይጠራቀማል። የቤቱ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጋዙን ነው። «ጋዝ አልቆበት ይሆን?» ይባላል፣ ባለሙያ ይጠራል፣ አልፎ አልፎም ያላለቀ ጋዝ ተሞልቶ ገንዘብ ይከፈላል።

ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጋዙ ያለቀ ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ያቆማል። ውስጡ ካልቀዘቀዘ ደግሞ ውጩ የሚያልብበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ከውጭ እያላበው ውስጡ ደህና አድርጎ የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ የጋዝ ችግር የለበትም ማለት ይቻላል። ላቡ የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ወይ ስለ ክፍሉ አየር፣ ወይ ቅዝቃዜው ሾልኮ ስለሚወጣበት ቦታ።

ውሃው ከውስጥ የመጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እንስራ ሲያልበው በእርግጥም ውሃው ከሆዱ በሸክላው ሰርጎ ይወጣል። የፍሪጅ ላብ ግን ከክፍሉ አየር የሚመጣ ነው። አየር ውስጥ የማይታይ የውሃ ተን አለ። አየሩ የሚይዘው ተን መጠን በሙቀቱ ይወሰናል፤ ሲሞቅ ብዙ ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ትንሽ። ቀዝቃዛ ነገር የነካው አየር ሲበርድ ሊይዘው ያልቻለውን ተን እዚያው ላይ ጤዛ አድርጎ ይተወዋል። ይህ የሚጀምርበት የሙቀት ደረጃ የጤዛ ነጥብ ይባላል። የፍሪጁ ገላ ከጤዛ ነጥቡ በላይ ከሞቀ ደረቅ ነው። ከዚያ በታች ከወረደ ያልበዋል።

በቁጥር እንየው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ክረምቷም ቀዝቀዝ ያለ ነው። አንድ የማድ ቤት አየር 20 ዲግሪ ሙቀት፣ 80 በመቶ እርጥበት አለው እንበል። የጤዛ ነጥቡ 16 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይሆናል። በዚያ ማድ ቤት የቆመው ፍሪጅ ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ነው። ግድግዳው ውስጥ ያለው ፎም ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ደህና ከሆነ፣ የፍሪዘሩ ውጫዊ ገጽ ከክፍሉ በ2 ዲግሪ ያህል ብቻ ይቀዘቅዛል፤ 18 ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው። የታችኛው ክፍል ውስጡ 4 ዲግሪ ስለሆነ ገጹ ከክፍሉ የሚያንሰው ከ1 ዲግሪ ባልበለጠ ነው። ሁለቱም ከ16 ተኩል በላይ ናቸው። ስለዚህ ፍሪጁ ደረቅ ነው።

አሁን ምጣዱ ይጣድ። በዚያው ማድ ቤት፣ በር ተዘግቶ፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ሲጋገር አክንባሎው በተነሳ ቁጥር እንፋሎት ይለቀቃል። ክፍሉ ወደ 22 ዲግሪ ይሞቃል፣ እርጥበቱም 90 በመቶ ይደርሳል እንበል። የጤዛ ነጥቡ ከ20 ዲግሪ ትንሽ በላይ ወጣ። የፍሪዘሩ ገጽ ደግሞ 20 ዲግሪ ላይ ነው። ያኔ የላይኛው በር በስሱ ይደበዝዛል፣ በጣት ቢጻፍበት ይነበባል። የታችኛው በር ግን 21 ዲግሪ ላይ ስላለ ደረቅ ይቆያል። እዚህ ፍሪጁ ላይ የተበላሸ ነገር የለም። ጋገራው አልቆ ክፍሉ ሲናፈስ እርጥበቱ ይጠፋል።

ብዙ ሰው «ውጭ እየዘነበ ምን መስኮት ይከፈታል፣ እርጥበት ለመጨመር ነው?» ይላል። ያስኬዳል፣ ግን ልክ አይደለም። ውጭ 15 ዲግሪ ላይ እየዘነበ ያለ አየር በተን እስከ አፉ የሞላ ቢሆን እንኳ የጤዛ ነጥቡ 15 ዲግሪ ነው። ያ ማድ ቤት ውስጥ ካለው 20 በብዙ ያንሳል። ቤት ገብቶ ሲሞቅ ይደርቃል። ስለዚህ በዝናብም ቢሆን መስኮት መክፈት ፍሪጁን ያደርቃል። ዝናቡ በመስኮቱ እንዳይገባ መጠንቀቅ ግን የራስ ነው። በጎንደር ደጋ ይህ ይሠራል። መተማ ቆላ ላይ ግን ክረምት የውጩ አየር ራሱ ሞቃትና ተን የጠገበ ስለሆነ መስኮት መክፈት ያን ያህል አይረዳም። ከጎንደር ደረቅ ሆኖ የሄደ ፍሪጅ እዚያ ሲያልበው ቢታይ በመንገድ ተጎድቶ ነው ብሎ መደምደም አይገባም።

እንግዲህ ብልሽት የሚለየው በላቡ መኖር ሳይሆን በቦታውና በጊዜው ነው። ጥሩው መንገድ ፍሪጁን በደረቅ ጨርቅ ሙልጭ አድርጎ መጥረግና ላቡ መጀመሪያ የሚመለስበትን ቦታ ማየት ነው። በሰፊው፣ በስሱ፣ በአንድ ጊዜ ከተመለሰ ጥፋቱ የአየሩ ነው። በበሩ ጠርዝ በአንድ ማዕዘን ብቻ ከጀመረ ጎማውን ማየት ነው። በጎን ግድግዳ ላይ የመዳፍ ያህል ቦታ ብቻ ከራሰ ደግሞ ፎሙ ይጠረጠራል።

የበር ጎማ በጣም የተለመደው ጥፋት ነው። ጎማው ውስጥ ማግኔት አለ፣ በሩን ከጠርዙ ጋር አጣብቆ የሚይዘው እሱ ነው። ዘይትና ፍርፋሪ ሲጠራቀምበት ወይም ሲደርቅ አንድ ቦታ ላይ ይነሳል። በዚያች ስንጥቅ ቀዝቃዛ አየር ይወጣል፣ አካባቢው ከ12 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ያ ደግሞ ምጣድ ባይጣድም ያልባል። ለመፈተሽ አንድ የብር ኖት በበሩና በጠርዙ መሀል አስገብቶ መዝጋትና መጎተት ይበቃል። ያዝ አድርጎ እየተንሸራተተ ከወጣ ደህና ነው። ያለ ምንም መያዝ ከወጣ እዚያ ጋ ክፍተት አለ። ዙሪያውን በሙሉ መሞከር ያስፈልጋል፤ በተለይ በማጠፊያው በኩል፣ ምክንያቱም ሰው ሁሌ የሚሞክረው በእጀታው በኩል ብቻ ነው።

ክፍተት ከተገኘ ወዲያው ጎማ መግዛት አያስፈልግም። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጥፋቱ ድረስ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያም የተጣመመውን ቦታ በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ አለስልሶ በእጅ ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። የፍሪጁ አቋምም መታየት አለበት። የድሮ ቤት ወለል ደልዳላ ስላልሆነ ፍሪጁ ወደፊት ካዘነበለ በሩ በራሱ አይዘጋም። የፊት እግሮቹ ትንሽ ከፍ ሲሉ በሩ በክብደቱ ይመለሳል።

የፎም ነገር ከዚህ ይከብዳል። ፎሙ ውሃ ከጠጣ ቅዝቃዜ መከልከሉን ይተዋል፣ አንዴ ከራሰም በቀላሉ አይደርቅም። ይህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ፍሪጁ ሲጠገን ከኋላ ተቆርጦ በደንብ ሳይደፈን ሲቀር፣ ወይም በረዶ ለማስለቀቅ በቢላዋ ሲወጋ ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ፈታኝ በጋ ነው። በታኅሣሥና በጥር የጎንደር አየር ደረቅ ስለሆነ ደህና ፍሪጅ ከውጭ አያልበውም። በዚያ ወራት አንድ ቦታ ላይ ብቻ እየራሰ ከቀጠለ ክረምቱን ማሳበብ አይቻልም። ጥገናውም የሚያዋጣ አይደለም፤ ፎሙን አውጥቶ መሙላት ለቤት ፍሪጅ ከዋጋው ጋር አይመጣጠንም።

ሌላ ጥርጣሬ የሚፈጥረው የፍሪዘሩ ጠርዝ መሞቅ ነው። ብዙ ፍሪጆች ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣውን ሙቅ ቱቦ በፍሪዘሩ በር ጠርዝ ከቆርቆሮው ሥር ያዞሩታል። ዓላማው ያንን ቦታ ከጤዛ ነጥብ በላይ ማቆየት ነው። ስለዚህ ጠርዙ ለብ ማለቱ ጤና ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ቱቦው ይበርዳል፣ ፍሪዘሩ ግን እንደ በረደ ይቆያል። ጠርዙ ቀዝቅዞ ማላብ ይጀምራል። መብራት ጠፍቶ በቆየበት ቀን ጠርዙ ረጥቦ ቢገኝ አያስደንቅም፤ መብራት መጥቶ ሞተሩ ሲሠራ ይደርቃል። አንዳንድ አሮጌ ፍሪጆች ደግሞ በቱቦ ፋንታ ቀጭን የማሞቂያ ሽቦ አላቸው፣ «ኢነርጂ ሴቨር» የተባለ ማብሪያም ይታይባቸዋል። በክረምት ያ ማብሪያ ሽቦው እንዲሞቅ በሚያደርገው በኩል መሆን አለበት።

ማስቀመጫውም ይወስናል። ፍሪጁ ከግድግዳ ከተለጠፈ ከኋላና ከጎን ያለው አየር አይንቀሳቀስም፣ ገጹ ከክፍሉ ሙቀት መውሰድ አይችልም፣ የበለጠ ይቀዘቅዛል። አሮጌ የድንጋይ ግድግዳ ደግሞ በክረምት ራሱ እርጥብ ነው። ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ማራቅ ብቻውን ለውጥ ያመጣል። የማቀዝቀዣ መቆጣጠሪያውንም እስከ መጨረሻው ቁጥር ማዞር በክረምት አስፈላጊ አይደለም። ክፍሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ መካከለኛው ቁጥር 4 ዲግሪ ያስገኛል። ካልታመነ ቴርሞ ሜትር በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድርጎ ፍሪጁ ውስጥ ማሳደርና ጠዋት ማንበብ ነው።

የለስላሳ መጠጥ ፍሪጅ ያላቸው ሱቆች ነገር ለብቻው ነው። የመስታወት በር እንደ ፎም አይከላከልም፣ በክረምት መደብዘዙ የሚጠበቅ ነው። ሁለት ድርብ በሆነ መስታወት መሀል ያለው ጭጋግ ግን የማይጠረግ ከሆነ የመስታወቱ መዝጊያ ተበጥሶ እርጥበት ገብቷል።

ወለል ላይ ያለ ውሃ ሁሉ ላብ እንዳይመስል። ከአትክልት መሳቢያው ሥር ውሃ ካለ የውስጥ ማፍሰሻው ቀዳዳ ተደፍኗል ማለት ነው፤ በለስላሳ ሽቦ ወይም ለብ ባለ ውሃ ይከፈታል። ከኋላ በኮምፕሬሰሩ በኩል ከሆነ ደግሞ ውሃ የሚጠራቀምበትን ሳህን ማየት ነው፤ ሞልቶ ወይም ተሰንጥቆ ይሆናል። ከፊት፣ ከበሩ ሥር ከሆነ ነው ላብ የሚባለው።

ያላበው ፍሪጅ ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ግን ከላቡ በፊት የሚታየው ኤሌክትሪኩ ነው። ውሃው ነዘሩን ያጎላው እንጂ ምንጩ የተላጠ ሽቦ ወይም የመሬት መስመር አለመኖሩ ነው። ገላውን ሳይነኩ ኃይሉን ከቆጣሪው ላይ ማጥፋትና የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥራት ነው። ማከፋፈያውም እርጥብ ወለል ላይ ከተቀመጠ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ መቀመጥ አለበት።