ቤታን በእጅ ማስላት፦ ካፕም የሚጠይቀው ትርፍ ከየት ይመጣል?

ካፕም (ካፒታል አሴት ፕራይሲንግ ሞዴል) የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ይህን አክሲዮን ለመያዝ ቢያንስ በዓመት ስንት በመቶ ሊከፈለኝ ይገባል? አክሲዮኑ ነገ ይወጣል ወይ ይወርዳል የሚለውን አይነግራችሁም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መነሻው ሃሪ ማርኮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1952 ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ ገንዘብህን በብዙ አክሲዮን ላይ ስትበትነው አንዱ ሲወድቅ ሌላው እየተነሳ የጠቅላላው መዋዠቅ ይቀንሳል የሚለው። ዊልያም ሻርፕ በ1964 ይህንኑ ይዞ አንድ እርምጃ ሄደ። ጆን ሊንትነርና ያን ሞሲንም በየፊናቸው እዚያው ደረሱ። ጃክ ትሬይነር ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ጽፎት ነበር፣ ግን ሳያሳትመው ቀረ። ሻርፕ በ1990 ከማርኮዊትዝና ከመርተን ሚለር ጋር ኖቤል ተሸለመ።

እርምጃው ይቺ ናት። የአንድ ድርጅት መጋዘን ቢቃጠል ባለአክሲዮኑ ይጎዳል። ግን ሃምሳ ድርጅት ውስጥ ድርሻ ያለው ሰው ጉዳቱ ብዙም አይሰማውም። ስለዚህ ገበያው ለእንዲህ ያለው ስጋት ካሳ አይከፍልም፤ ራስህ በትነህ ልታስወግደው የምትችለውን ስጋት ማን ይከፍልሃል? የሚከፈለው በትነኸውም ለማይለቅህ ስጋት ነው። እሱም አክሲዮኑ ከገበያው ጋር አብሮ የሚወጣበትና የሚወርድበት መጠን ነው። አብሮ መንቀሳቀስን የምንለካው ደግሞ በኮቫሪያንስ ነው። ቀመሮቹ እነዚህ ናቸው፦

```
β = Cov(Ri, Rm) / Var(Rm)
E(Ri) = Rf + β × (Rm − Rf)
```

β ቤታ ነው፣ E(Ri) ከአክሲዮኑ የሚፈለገው ትርፍ፣ Var ደግሞ ቫሪያንስ፣ የገበያው የራሱ መዋዠቅ ማለት ነው። Ri የአክሲዮኑ ትርፍ ነው፣ Rm የገበያው፣ Rf ደግሞ ከስጋት ነፃ የሚባለው ወለድ፤ አብዛኛውን ጊዜ የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ የሚከፍለው።

አሁን በእጃችን እናስላው። ለምሳሌ ያህል የፈጠርኳቸው የአምስት ወር ቁጥሮች ናቸው፣ ሁሉም በመቶኛ። የገበያው አማካይ 1 ነው፣ የአክሲዮኑ 2።

| ወር | ገበያ | አክሲዮን | ገበያው ከአማካዩ | አክሲዮኑ ከአማካዩ | ብዜት |
|---|---|---|---|---|---|
| 1 | 2 | 2 | 1 | 0 | 0 |
| 2 | −1 | −2 | −2 | −4 | 8 |
| 3 | 4 | 7 | 3 | 5 | 15 |
| 4 | −3 | −3 | −4 | −5 | 20 |
| 5 | 3 | 6 | 2 | 4 | 8 |

የመጨረሻውን ዓምድ እዩት። ገበያው ከአማካዩ በታች ሲሆን አክሲዮኑም በታች ነው፤ ሁለት ኔጌቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ ይሆናል፣ ስለዚህ አብሮ መውደቅም አብሮ መነሳትም ድምሩን ያሳድገዋል። ተቃራኒ ቢሄዱ ኖሮ ይቀንሰው ነበር። ድምሩ 51 ነው። ለ4 ስናካፍለው (ከአምስት አንድ ቀንሰን) ኮቫሪያንሱ 12.75 ይሆናል። የገበያውን ልዩነቶች ራሳቸው በራሳቸው አባዝተን ስንደምር 34 ይመጣል፤ ለ4 ሲካፈል ቫሪያንሱ 8.5። 12.75 ለ8.5 ሲካፈል 1.5። ቤታችን ይሄው ነው፦ ገበያው በ1 በመቶ ሲንቀሳቀስ አክሲዮኑ በአማካይ 1.5 በመቶ ወደዚያው ይሄዳል።

በኤክሴል ስትሠሩት አንድ ወጥመድ አለ። ትክክለኛው ይህ ነው፦

```
=COVARIANCE.S(C2:C6,B2:B6)/VAR.S(B2:B6)
```

ላዩን `COVARIANCE.S` አድርጋችሁ ታቹን `VAR.P` ብትሉት፣ አንዱ ለ4 ሌላው ለ5 ያካፍልና 1.875 ይወጣላችኋል። ኤክሴል ስህተት ነው ብሎ አይጮህም። `SLOPE` በሚለው ፎርሙላ አመሳክሩት፤ እሱም 1.5 ካላለ አንድ ቦታ ተደባልቋል ማለት ነው።

ወደ ተፈላጊው ትርፍ እንሂድ። ከስጋት ነፃ ወለዱ በዓመት 4 በመቶ፣ ከገበያው የሚጠበቀው 9 በመቶ ነው እንበል። ልዩነቱ 5 ነው፣ ለስጋቱ የሚከፈለው ጭማሪ ማለት ነው። 1.5 በ5 ሲባዛ 7.5፣ 4 ሲጨመርበት 11.5 በመቶ። ቤታው መባዛት ያለበት በ5 ነው፣ በ9 አይደለም። በ9 ያባዛ ሰው 17.5 ያገኝና ደህናውን አክሲዮን ሁሉ ውድ ነው ብሎ ይመልሳል። ደግሞም ሁለቱም ቁጥሮች የዓመት ይሁኑ። ቤታ ራሱ የመለኪያ አሃድ ስለሌለው ከወርሃዊ መረጃ ቢመጣም ችግር የለውም።

ታዲያ 11.5ን እንዴት እናንብበው? አክሲዮኑ ዛሬ 100 ብር ነው እንበል። በዓመቱ መጨረሻ 108 ብር ይሸጣል፣ በመሀል 2 ብር የትርፍ ድርሻ ይከፍላል ብላችሁ ገምታችኋል። የእናንተ ግምት 10 በመቶ ነው፣ የሚፈለገው 11.5። አትራፊ ነው፣ ግን ለሚያሸክማችሁ ስጋት አይበቃም። ስንት ቢሆን ይበቃል? 110ን ለ1.115 ስናካፍል 98.65 ብር ገደማ። ከዚያ በታች ካገኛችሁት ግዙ፣ በላይ ከሆነ ይቅርባችሁ ነው የሞዴሉ መልስ። 10 በመቶው የእናንተ ትንበያ ነው፣ 11.5 ደግሞ ትንበያው ሊዘለው የሚገባ አጥር። ሁለቱን አታምታቱ።

ይሄ ሁሉ ግን በ1.5ዋ ላይ የቆመ ነው፣ እሷም እንደምታስመስለው ጠንካራ አይደለችም። አራተኛውን ወር ከሠንጠረዡ አውጡና በቀሩት አራት ወራት እንደገና አስሉ። 26 ለ14 ይመጣል፣ ቤታው 1.86 ገደማ። ተፈላጊው ትርፍ ወደ 13.3 በመቶ ይዘላል። ድርጅቱ ምንም አልሆነም፣ የተለወጠው የኛ የመረጃ ምርጫ ብቻ ነው። አምስት ወር ለማስተማሪያ እንጂ ለሥራ አይሆንም፤ በተለምዶ የአምስት ዓመት ወርሃዊ ወይም የሁለት ዓመት ሳምንታዊ መረጃ ይወሰዳል። ያም ሆኖ ስህተቱ አይጠፋም። ለዚህ ነው ብዙ ተንታኞች ከተሰላው ቤታ ሁለት ሦስተኛውን ወስደው አንድ ሦስተኛ የሚጨምሩበት፣ ወደ 1 እንዲጠጋ። በዚህ ስሌት የኛው 1.5 ወደ 1.33 ይወርዳል፣ የሚፈለገውም 10.7 ገደማ ይሆናል።

ሞዴሉ ራሱም ቢሆን ከፈተና አልዳነም። ብላክ፣ ጄንሰንና ሾልስ በ1972 የአሜሪካን ገበያ ሲያዩ ዝቅተኛ ቤታ ያላቸው አክሲዮኖች ሞዴሉ ከሚለው በላይ፣ ከፍተኛ ቤታ ያላቸው ደግሞ ከሚለው በታች ሲከፍሉ አገኙ። በኔ እይታ፣ ካፕም ትልቅ ቤታ ላለው አክሲዮን የሚሰጠውን አጥር ትንሽ ከፍ ያለ ነው ብሎ መያዝ ይሻላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ብዙ በማይገበያይ አክሲዮን ላይ የሚወጣው ቤታ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ የተከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው፣ ገና ልጅ ነው። ግብይት በሳሳበት ገበያ አንድ አክሲዮን ለሳምንታት ሳይሸጥ ቢቆይ ዋጋው የድሮው እንደሆነ ይመዘገባል። ልዩነቱ ዜሮ፣ ብዜቱ ዜሮ፣ ቤታውም ወደ ዜሮ። ቀመሩ ውስጥ ስትከቱት የሚፈለገው ትርፍ ከግምጃ ቤት ሰነዱ ጋር እኩል ይሆናል፣ አክሲዮኑ እንደ መንግሥት ዕዳ የማይነቃነቅ ይመስል። የቀዘቀዘው ግን ግብይቱ ነው፣ ስጋቱ የትም አልሄደም። ስለዚህ ቤታውን ከማመናችሁ በፊት ስንት ወር ላይ ትርፉ ልክ ዜሮ እንደሆነ ቁጠሩ። ከስድሳው ሃያው ዜሮ ከሆነ ያን ቤታ ተዉት፤ በደንብ ከሚገበያይ ገበያ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ድርጅቶችን ቤታ ወስዳችሁ፣ የዕዳ መጠናቸውን ልዩነት አስተካክላችሁ ተጠቀሙ።