የውሃ መፍያ ነጥብ ምንድን ነው? በከፍታ ላይ ባሉ ከተሞች ቦሎቄ ለምን ቶሎ አይበስልም?

ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል የሚባለው በባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት በላዩ ካረፈው የአየር ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ በውሃው ውስጥ የሚፈጠሩት አረፋዎች ሳይጨፈለቁ አድገው ወደ ላይ ይወጣሉ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር በላያችን ያለው አየር ስለሚሳሳ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውሃውም ብዙ ሳይሞቅ ይፈላል። መፍያ ነጥቡ በግምት በየ300 ሜትሩ በአንድ ዲግሪ ዝቅ ይላል።

ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ላይ ያለች ከተማን እንውሰድ። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህን ለማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው የድስቱን ታች ሳያስነካ ቴርሞሜትር በሚንተከተከው ውሃ ውስጥ ይያዝ። ንባቡ 92 አካባቢ ሲደርስ ይቆማል፤ እሳቱ ቢጨመርም ከዚያ አያልፍም። በጣም የሚሳተው ነጥብ ይህ ይመስለኛል። ውሃው አንዴ ከፈላ በኋላ የሚጨመረው እሳት ሁሉ ውሃን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ብቻ ስለሚውል፣ በኃይል የሚንተከተክ ድስትና በዝግታ የሚፈላ ድስት ምግቡን የሚያበስሉት በአንድ ዓይነት ሙቀት ነው። ልዩነታቸው የመጀመሪያው ውሃውንና ማገዶውን ቶሎ መጨረሱ ነው።

ስምንት ዲግሪ ጥቂት ቢመስልም ምግብን የሚያበስሉት ለውጦች ግን ለሙቀት እጅግ ስሱ ናቸው። ያም ሆኖ ሁሉም ምግብ እኩል አይጎዳም። የዱቄት ስታርች ውሃ ጠጥቶ የሚያብጠው ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ባለው ሙቀት ገደማ ስለሆነ፣ ገንፎ በ92 ዲግሪ ውሃ ያለ ችግር ይበስላል። ቦሎቄና ድንች ግን የሚለሰልሱት ሕዋሶቻቸውን እርስ በርስ ያጣበቀው ፔክቲን የተባለ ንጥረ ነገር ሲሟሟ ነው፤ ይህም በደንብ የሚፈጥነው ሙቀቱ ወደ መቶ ዲግሪ በተጠጋ መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ1835 ቻርልስ ዳርዊን የአንዲስን ተራሮች ሲሻገር፣ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ላይ ያደረ ድንች ሲነጋ እንደገና ቢፈላም አልበሰለም ነበር። አብረውት የነበሩት መንገደኞች ጥፋቱን በድስቱ ላይ አሳበቡ፤ ምክንያቱ ግን የአየሩ መሳሳት ነበር።

የሚጨመረውን ጊዜ ለመገመት፣ ሙቀት በአሥር ዲግሪ ሲቀንስ የብዙ ኬሚካዊ ለውጦች ፍጥነት በግማሽ ያህል ይቀንሳል የሚለውን ሻካራ ደንብ መጠቀም ይቻላል። በዚህ ስሌት በባሕር ጠለል ላይ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ቦሎቄ በ2,400 ሜትር አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ያረጀ ቦሎቄ ከዚህም በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ሌሊቱን በውሃ ተነክሮ ያደረ ግን ውስጡ አስቀድሞ ስለረጠበ ጊዜው ያጥራል። ቲማቲም ወይም ሎሚ ቀድሞ ከተጨመረ ግን አሲዱ ፔክቲኑ እንዳይሟሟ ስለሚያግድ፣ ቦሎቄው እስኪለሰልስ ድረስ ማቆየቱ ይሻላል።

ጨው መፍያ ነጥቡን ከፍ ያደርጋል መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ዲግሪ ለመጨመር በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 58 ግራም ያህል ጨው ያስፈልጋል፤ ይህም ምግቡን የማይበላ ያደርገዋል። ተራ ክዳንም ሙቀትና እንፋሎት እንዳይባክን ይረዳል እንጂ፣ እንፋሎቱ በጎኑ ስለሚወጣ በድስቱ ውስጥ ግፊት አይፈጥርም።

የጠፋውን ግፊት መልሶ የሚሰጠው ፕሬዠር የሚባለው በጥብቅ የሚዘጋ ድስት ነው። በክዳኑ ላይ ያለው ክብደት እንፋሎቱን አፍኖ በብዛት 100 ኪሎፓስካል ያህል ይጨምራል፤ ይህ ጭማሪ ግን የሚደመረው በቦታው ባለው የአየር ግፊት ላይ ነው። ስለዚህ በባሕር ጠለል ላይ ወደ 121 ዲግሪ የሚደርሰው ፕሬዠር በ2,400 ሜትር 117 ዲግሪ አካባቢ ይቆማል። ከክፍት ድስት ጋር ሲነጻጸር የ25 ዲግሪ ጭማሪ ነውና ቦሎቄው በጣም ፈጥኖ ይበስላል። ሆኖም ከዕቃው ጋር የሚመጣው መመሪያ ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ከሆነ፣ የአራት ዲግሪውን ጉድለት ለማካካስ በተጻፈው ደቂቃ ላይ ሲሶ ያህል መጨመር ያስፈልጋል፤ ደቂቃውም የሚቆጠረው ድስቱ እሳት ላይ ከተጣደበት ሳይሆን እንፋሎቱ ክብደቱን ገፍቶ ማፏጨት ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ነው።