የማይሰበሰብ ሂሳብ ስረዛ እና የዘመን መዝጊያ የመጠባበቂያ ማስተካከያ ምንድን ነው?

በዱቤ የሚሸጥ ድርጅት ሁሉ ከሸጠው ላይ ጥቂቱ እንደማይሰበሰብ ያውቃል። የማያውቀው የትኛው ደንበኛ ሳይከፍል እንደሚቀር ነው። የሂሳብ አያያዝ ይህን ችግር የሚያስተናግደው በጊዜም በባሕርይም በተለያዩ ሁለት ምዝገባዎች ነው። አንደኛው በሂሳብ ዘመኑ መጨረሻ የሚመዘገብ ግምት ነው፤ ማን እንደማይከፍል ሳይታወቅ ምን ያህል እንደማይሰበሰብ ይገመትና ወጪ ይያዝለታል። ሁለተኛው አንድ ደንበኛ እንደማይከፍል ሲታወቅ ሂሳቡን ከመዝገብ የሚያወጣው ስረዛ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት የአጠራጣሪ ሂሳቦች መጠባበቂያ በሚባለው ሂሳብ ላይ ነው።

መጠባበቂያ የሚለው ስም የተቀመጠ ጥሬ ገንዘብ ያለ ያስመስላል፤ ግን አንድም ሳንቲም የለበትም። ከተሰብሳቢ ሂሳብ ላይ የሚቀነስ ተቀናሽ ሂሳብ ነው። ደንበኞች 400,000 ዕዳ ቢኖርባቸውና መጠባበቂያው 12,000 ቢሆን፣ የሀብትና ዕዳ መግለጫው የሚያሳየው ይሰበሰባል ተብሎ የሚጠበቀውን 388,000 ነው። ተቀናሽ ስለሆነም ተፈጥሯዊ ቀሪው ክሬዲት ነው። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ዋናው ስህተት የሚወለደው ቀሪው ወደ ዴቢት ሲዞር ነውና።

አንድ ድርጅት ዓመቱን በእነዚሁ ቁጥሮች ጀመረ እንበል፤ ተሰብሳቢው 400,000፣ መጠባበቂያው 12,000 ክሬዲት ነው። በዓመቱ አጋማሽ፣ ተሰብሳቢው 460,000 በደረሰበት ቀን፣ 15,000 ዕዳ ያለበት አንድ ደንበኛ በፍርድ ቤት ኪሳራው ታወጀ። ንብረቱም ቅድሚያ ላላቸው ሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች እንኳ እንደማይበቃ ታወቀ። ድርጅቱ ሂሳቡን ለመሰረዝ ወሰነ፦

ዴቢት፦ የአጠራጣሪ ሂሳቦች መጠባበቂያ 15,000
ክሬዲት፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ 15,000

ምዝገባው ላይ ወጪ የሚባል ሂሳብ አለመኖሩን ልብ ይበሉ። የብዙ ሰው ግምት ኪሳራው የደረሰው ደንበኛው የከሰረ ዕለት ነው የሚል ነው፤ በመጠባበቂያ ዘዴ ግን ትርፍ በዚያ ቀን በአንድ ሳንቲም አይቀንስም። የተጣራው ተሰብሳቢም አይለወጥም። ከስረዛው በፊት 460,000 ሲቀነስ 12,000፣ ማለትም 448,000 ነበር። ከስረዛው በኋላ ተሰብሳቢው 445,000 ሆነ፤ መጠባበቂያው ደግሞ 12,000 ክሬዲት ይዞ 15,000 ዴቢት ስለተደረገበት 3,000 ዴቢት ላይ ቆመ። ዴቢት የሆነ ተቀናሽ ይደመራልና ድምሩ አሁንም 448,000 ነው። ስረዛ ማለት ስም የለሽ ሆኖ አስቀድሞ የተገመተው ኪሳራ ስም አገኘ ማለት ብቻ ነው።

የ3,000 ዴቢት ቀሪው ብዙ ጀማሪዎችን ያስደነግጣል፤ የተሳሳተ ምዝገባ መስሏቸው ወጪ ውስጥ ሊከቱት ይቸኩላሉ። በዓመቱ መካከል ሲታይ ግን ስህተት አይደለም። የሚናገረው ያለፈው ዓመት ግምት ከደረሰው ኪሳራ ማነሱን ወይም በዚህ ዓመት ሽያጭ ላይ የደረሰ ኪሳራ ገና አለመገመቱን ነው። ስህተት የሚሆነው ዓመቱ ሲዘጋ ሳይስተካከል ከቀረ ነው፤ ያኔ መግለጫው ደንበኞች ካለባቸው ዕዳ በላይ እንሰበስባለን የሚል ይሆናልና።

ስረዛ የውስጥ ምዝገባ እንጂ ምሕረት አይደለም። ድርጅቱ በሕግ የመጠየቅ መብቱን በግልጽ እስካልተወ ድረስ ዕዳው በደንበኛው ላይ ይቆያል። አንዳንዴም ከተሰረዘው ላይ የተወሰነው ይከፈላል። በምሳሌያችን ከወራት በኋላ 2,000 ቢገባ፣ መጀመሪያ ስረዛው በዚያ መጠን ይገለበጣል፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ ዴቢት፣ መጠባበቂያው ክሬዲት 2,000። ከዚያ እንደ ማንኛውም ክፍያ ጥሬ ገንዘብ ዴቢት፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ ክሬዲት ይደረጋል። አንዱን ምዝገባ በሁለት መክፈል ድካም ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን የደንበኛው የግል ሌጀር መክፈሉን ማሳየቱ ነው። ያ ደንበኛ ነገ ዱቤ ሲጠይቅ ታሪኩ ሙሉ ሆኖ ይገኛል። መጠባበቂያው አሁን 1,000 ዴቢት ላይ ነው።

ዓመቱ አለቀ። በዓመቱ 1,500,000 በዱቤ ተሸጧል፤ ከተሰረዘው ደንበኛ የገባውን ሳይጨምር 1,380,000 ተሰብስቧል፤ 15,000 ተሰርዟል። ስለዚህ ተሰብሳቢው 505,000 ነው። አሁን የሚመጣው ጥያቄ ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ላይሰበሰብ ይችላል የሚለው ነው። የተለመደው መንገድ ሂሳቦቹን በዕድሜያቸው መደርደር ነው፤ ዕዳ ባረጀ ቁጥር የመሰብሰብ ዕድሉ ይቀንሳልና። በዚህ ድርጅት 380,000 መክፈያ ቀኑ ያልደረሰ ነው፤ ካለፈው ልምድ 1 በመቶው ይቀራል ተብሎ 3,800 ተያዘለት። ቀኑ ካለፈ እስከ 60 ቀን የሆነው 80,000 በ5 በመቶ 4,000 ሆነ። ከ61 እስከ 120 ቀን የቆየው 30,000 በ20 በመቶ 6,000፣ ከዚያ በላይ የቆየው 15,000 ደግሞ በ50 በመቶ 7,500 ሆነ። ድምሩ 21,300 ነው።

እዚህ ላይ ነው ቆም ማለት የሚያስፈልገው። 21,300 የዓመቱ ወጪ አይደለም። መጠባበቂያው ማስተካከያው ካለቀ በኋላ ሊኖረው የሚገባ ቀሪ ነው። ወጪው አሁን ካለበት ቦታ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ የሚያስፈልገው መጠን ነው። መጠባበቂያው 1,000 ዴቢት ላይ ስላለ መጀመሪያ ያን 1,000 ሞልቶ ዜሮ ላይ መድረስ፣ ከዚያም 21,300 ክሬዲት መውጣት አለበት። ስለዚህ፦

ዴቢት፦ የአጠራጣሪ ሂሳቦች ወጪ 22,300
ክሬዲት፦ የአጠራጣሪ ሂሳቦች መጠባበቂያ 22,300

በተቃራኒው መጠባበቂያው 1,000 ክሬዲት ቢኖረው ኖሮ ጉዞው ስለሚያጥር ወጪው 20,300 ብቻ በሆነ ነበር። ዴቢትን መደመርና ክሬዲትን መቀነስ ተማሪዎች በጭፍን የሚሸመድዱት ደንብ ነው፤ ከመሸምደድ ይልቅ የሂሳቡን ሁለት ጎን ሥሎ መነሻና መድረሻውን ማየት ይሻላል። ማረጋገጫውም እዚያው ይገኛል፦ 12,000 መነሻ፣ ሲደመር ተመልሶ የተከፈለው 2,000፣ ሲደመር የዓመቱ ወጪ 22,300፣ ሲቀነስ የተሰረዘው 15,000፣ እኩል ይሆናል 21,300። ይህ ድምር ከዕድሜ ትንተናው ድምር ጋር ካልገጠመ አንድ ምዝገባ ተሳስቷል ማለት ነው። የተጣራው ተሰብሳቢም 505,000 ሲቀነስ 21,300፣ ማለትም 483,700 ሆኖ በመግለጫው ይቀርባል።

ሌላው የተለመደ ስህተት ስረዛውን በቀጥታ ወጪ ላይ ዴቢት ማድረግ ነው። ይህ ስህተት የሚደበቅበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። 15,000ው በዓመቱ አጋማሽ ወጪ ተደርጎ ቢሆን መጠባበቂያው አይነካም ነበር፤ የተመለሰው 2,000 ብቻ ገብቶበት 14,000 ክሬዲት ላይ በቆየ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ 21,300 ለመድረስ የሚያስፈልገው 7,300 ብቻ ይሆናል። 15,000 እና 7,300 ሲደመሩ ያው 22,300 ነው! የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ ትክክል ሆኖ ስለሚወጣ ማንም ሳያስተውለው ሊያልፍ ይችላል። የተጎዳው የየወሩና የየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ነው፤ አንድ ወር ያለ ምክንያት ሲከፋ የመጨረሻው ወር ያለ ምክንያት ያምራል።

ግምቱን ከዱቤ ሽያጭ በመቶኛ የሚያሰሉ ድርጅቶች ዘንድ ግን ያው ስህተት በዓመቱ መጨረሻ አይታረምም። በዚያ ዘዴ የተሰላው መጠን ራሱ ወጪው ነው፤ የመጠባበቂያው ነባር ቀሪ ከስሌቱ ውጪ ነው። ስለዚህ አንዱ ኪሳራ ሁለቴ ወጪ ይሆናል፣ መጠባበቂያውም ከዓመት ዓመት እያበጠ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት የሽያጭ መቶኛን ለየወሩ ግምት መጠቀም፣ ዓመቱን ግን በዕድሜ ትንተና መዝጋት የተሻለ አካሄድ ይመስለኛል።

መቶኛዎቹ ከየት ይመጣሉ? መነሻቸው ያለፉት ዓመታት የአሰባሰብ ታሪክ ነው፤ ይሁን እንጂ ታሪክ ብቻውን አይበቃም። ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ቁጥር 9 የሚጠይቀው ወደፊት የሚጠበቀውን ኪሳራ መገመት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ደረጃ ኪሳራ የሚመዘገበው ለመድረሱ ማስረጃ ሲገኝ ነበር። ዛሬ ግን መክፈያ ቀኑ ያልደረሰ ሂሳብም ትንሽ መቶኛ የሚያዝለት ለዚህ ነው፤ ደንበኞቹ ያሉበት የሥራ ዘርፍ እየተዳከመ ከሆነ ደግሞ የአምናውን መቶኛ እንዳለ መገልበጥ ስህተት ነው። ብዙ ዕዳ ያለበትና በግልጽ የተቸገረ ደንበኛ ካለም ከጅምላው ወጥቶ ለብቻው መገመት አለበት።

የዕድሜ ትንተናው ከመሠራቱ በፊት ዝርዝሩን ማጽዳት ያስፈልጋል። የተሰረዘ ደንበኛ በዋናው ሌጀር ተሰርዞ በደንበኞች ዝርዝር ሌጀር ላይ ሳይሰረዝ ከቀረ፣ ያው ዕዳ እጅግ ካረጁት ተርታ ተሰልፎ እንደገና መጠባበቂያ ይያዝለታል። የሁለቱ ሌጀሮች ድምር አለመግጠም የዚህ ምልክት ነው። ቅድሚያ የከፈሉ ደንበኞች ክሬዲት ቀሪም ከሌሎች ዕዳ ጋር ተቻችሎ ድምሩን ሊያሳንስ ስለሚችል ተለይቶ ይወጣል።

ስረዛን የሚያጸድቀው ሰው ገንዘብ የሚቀበለው ሰው መሆን የለበትም። ደንበኛው የከፈለውን ወደ ኪሱ ያስገባ ሰው ዱካውን ለማጥፋት የሚቀለው መንገድ ሂሳቡን እንደማይሰበሰብ አድርጎ ማሰረዝ ነው፤ ስረዛ ትርፍን ስለማይነካ በወሩ ሪፖርት ላይ የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ስረዛ የተላኩ ማስጠንቀቂያዎች፣ የጠበቃ ደብዳቤ ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ ተያይዞበት በኃላፊ ፊርማ ይጸድቃል። ከገንዘብ ተቀባዩ ውጪ ያለ ሰውም ከተሰረዙት ደንበኞች ለተወሰኑት በቀጥታ ደብዳቤ ጽፎ ዕዳው በእርግጥ እንዳልተከፈለ ይጠይቃል።