የእግር ኳስ ክለብ አዲስ አሰልጣኝ ሲሾም የሚያወጣው መግለጫ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«መግለጫው በክለቡ ታሪክና ለደጋፊው በሚቀርብ ምስጋና መጀመር አለበት።»

የለበትም። መግለጫውን ቀድሞ የሚያነበው ደጋፊው ሳይሆን ጋዜጠኛው ነው። ደሴ ወይም ወልዲያ ያለ የሬዲዮ አዘጋጅ ዜና ሊገባ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ጽሑፉ በቴሌግራም ይደርሰዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች እንዳሉ ያነባቸዋል። የቀረውን ጊዜ ካገኘ ያየዋል። እዚያ ቦታ ላይ የክለቡ አመሠራረት ከተጻፈ፣ አድማጩ የአሰልጣኙን ስም ሳይሰማ ማስታወቂያ ይገባል።

ከየክለቡ የሚመጣው አብዛኛው መግለጫ እንዲህ ያለ ነው፦

«አንጋፋውና የሕዝብ ልጅ የሆነው ክለባችን ወደ ቀደመ ክብሩ ለመመለስ በሚያደርገው ያላሰለሰ ጥረት፣ የክለቡ ቦርድ ባካሄደው አስቸኳይ ስብሰባ ጉዳዩን በሰፊው ከመረመረ በኋላ፣ የካበተ ልምድ ያላቸውን ውጤታማውን አሰልጣኝ እገሌን ለሁለት ዓመት በዋና አሰልጣኝነት መሾሙን በታላቅ ደስታ ይገልጻል።»

አንባቢው ስሙ ጋር ሲደርስ ትንፋሹ አልቋል። ውሉ መቼ እንደተፈረመ የለም። አሰልጣኙ ከየት እንደመጡ የለም። ሥራ መቼ እንደሚጀምሩም የለም። «የካበተ ልምድ» ተባለ እንጂ ልምዱ የት እንደተገኘ አልተነገረም። ያው ዜና የጎደለው ተሟልቶ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

«አሰልጣኝ እገሌ የክለባችን ዋና አሰልጣኝ ሆነዋል። ዛሬ ማክሰኞ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በክለቡ ጽሕፈት ቤት እስከ ሰኔ 30 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚቆይ ውል ፈርመዋል። ያለፉትን ሁለት የውድድር ዘመናት በከፍተኛ ሊግ ሌላ ክለብ ሲያሠለጥኑ ቆይተዋል። የቅድመ ውድድር ዝግጅት ሰኞ ነሐሴ 12 ይጀምራሉ።»

አራት ዓረፍተ ነገር ነው። አዘጋጁ የፈለገው ቦታ ላይ ቢቆርጠው ዜናው አይጎድልም። የክለቡ ታሪክ ከታች አንድ አንቀጽ ይበቃዋል። ወሎ ላይ ነገር ያለ ምርቃት እንደማይጀመር አውቃለሁ፤ ምርቃቱን ግን ፊርማው ላይ ለሚገኙት ሽማግሌዎች እንተውላቸው። በነገራችን ላይ አሰልጣኙን በአንቱታ ከጀመርን በአንቱታ እንጨርስ። «ፈርመዋል» ብሎ ጀምሮ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ «ይጀምራል» የሚል መግለጫ ሁለት ሰው ተቀባብሎ እንደጻፈው ያስታውቃል።

«ተስማማም ፈረመም ያው ነው። ዋናው ከእኛ ጋር መሆኑ ነው።»

ብዙ ክለብ የሚዋረደው እዚህ ላይ ነው። አሰልጣኙ በስልክ «እሺ» ብለዋል። የቦርዱ አባል ለጓደኛው ነግሯል። ማታ ደሴ ፒያሳ ካፌ ውስጥ ወሬው ደርቷል። የሕዝብ ግንኙነቱ ሰው ደግሞ ላለመቀደም ሲል «አሰልጣኙ ክለባችንን ተቀላቅለዋል» ብሎ ይለጥፋል። በሁለተኛው ቀን ወይ የድሮ ክለባቸው «ውል አላቸው፣ አልለቀቅናቸውም» ይላል፣ ወይ አሰልጣኙ የእኛን ማስታወቂያ ይዘው ሌላ ቦታ የተሻለ ገንዘብ ይደራደሩበታል። ሁለቱም የሚሆን ነገር ነው።

ስለዚህ ጽሑፉ ከመጻፉ በፊት ሁለት ወረቀት በዓይን መታየት አለበት። አንዱ በሁለቱም ወገን የተፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት ውል ነው። ሌላው ከቀድሞ ክለብ የተሰጠ መልቀቂያ ወይም ውሉ ማለቁን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። «አለኝ፣ አመጣዋለሁ» የተባለ መልቀቂያ እንደሌለ ይቆጠራል። ሁለቱ ከተሟሉ «ፈርመዋል» ይባላል። ካልተሟሉ ዝም ማለት ነው የሚሻለው። ወሬው ሾልኮ ዝም ማለት ካልተቻለ አንድ መስመር ይበቃል፦ «ክለቡ ከአሰልጣኝ እገሌ ጋር እየተነጋገረ ነው፤ ውል ሲፈረም እናሳውቃለን።» ይህ መስመር ማንንም አያስርም። ነገሩ ቢፈርስም ውሸት አይሆንም።

የአሰልጣኝነት ላይሰንሱም ነገር እንዲሁ ነው። የካፍ ላይሰንስ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እያለ ወደ ላይ ይሄዳል። መግለጫው የሚጽፈው ካርዱ ላይ ያለውን ነው። የኤ ኮርስ እየተከታተሉ ያሉ ሰው «የኤ ላይሰንስ ባለቤት» ተብለው ከወጡ፣ አብረዋቸው ኮርሱን የሚወስዱት አሰልጣኞች ናቸው ቀድመው የሚስቁት። «የቢ ላይሰንስ አላቸው፤ የኤ ኮርስ በመከታተል ላይ ናቸው» ማለት ምንም አያሳፍርም። ክለቡ የውጭ ዜጋ ከቀጠረ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከጥር 2021 እንደ አውሮፓውያን ጀምሮ ፊፋ ስለ አሰልጣኞች ቅጥር ባወጣው ደንብ መሠረት፣ የውል ጽናት ላይሰንስ በማግኘት ወይም የሥራ ፈቃድ በማግኘት ላይ እንዲንጠለጠል አይፈቀድም። «ላይሰንሳቸው ሲረጋገጥ ውሉ ይጸናል» ብሎ በመግለጫ መጻፍ ክለቡን አያድነውም። ማጣራቱ ከፊርማው በፊት የክለቡ ሥራ ነው።

«የሁለት ዓመት ውል ካልን ይበቃል፤ ቀን መዘርዘር ምን ያደርጋል?»

ወደ ላይኛው ምሳሌ እንመለስ። ውሉ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ተፈርሞ ሰኔ 30 ቀን 2019 ያልቃል። ማብቂያው ሰኔ 30 የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። በከተማ አስተዳደር በጀት የሚተዳደር ክለብ ዓመቱን የሚቆጥረው ከሐምሌ 1 ነው። ስለዚህ ውሉ የሚሸፍነው ሁለት የውድድር ዘመን እንጂ ሙሉ ሁለት ዓመት አይደለም። ከአንድ ወር በላይ ይጎድለዋል። መግለጫው «ሁለት ዓመት» ካለ፣ አሰልጣኙ በሐምሌ 2019 መጥተው «ራሳችሁ ሁለት ዓመት ብላችኋል፣ የሐምሌ ደመወዜስ?» ሊሉ ይችላሉ። ገዢው ሰነድ ውሉ ነው፤ ክርክሩ ግን አይቀርም፣ መግለጫውም በማስረጃነት ይቀርባል። ማብቂያ ቀኑን መጻፍ ይህን ሁሉ ይቆርጠዋል። ወይም «ለ2018 እና ለ2019 የውድድር ዘመን» ማለት ይቻላል።

የዘመን አቆጣጠሩም ያምታታል። የወልዲያው ሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም የተመረቀው በጥር 2009 ነው፤ በአውሮፓውያኑ 2017። የአሰልጣኙን የሥራ ታሪክ ግማሹን ከእንግሊዝኛ ድረ ገጽ፣ ግማሹን ከሲቪያቸው ከገለበጥን፣ ሰውየው በአንድ ዓመት ሁለት ክለብ ሲያሠለጥኑ ወይም ያልደረስንበት ዓመት ላይ ሥራ ሲለቁ ይገኛሉ። ሁሉንም ወደ እኛ መልሶ «ዓ.ም.» ማለት ነው። መግለጫው ወደ ውጭ ሚዲያ የሚሄድ ከሆነ ብቻ ሁለቱንም እንጻፍ። የጋዜጠኞች ጥሪ ካለበትም «ከቀኑ 8 ሰዓት» እንጂ ባዶውን «8 ሰዓት» አይባልም።

«ግባችንን ካልጻፍን ደጋፊው አይረካም። ‹ዘንድሮ ፕሪምየር ሊግ እንገባለን› ማለት አለብን።»

ደጋፊው ይረካል፤ እስከ አምስተኛው ጨዋታ ድረስ። ከዚያ በኋላ ያቺ ዓረፍተ ነገር በስክሪን ሾት ትመለሳለች። ከዚህ የሚብሰው ግን ውሉ ነው። ውሉ ውስጥ «ክለቡን ካላሳደጉ ይሰናበታሉ» የሚል አንቀጽ ከሌለ፣ መግለጫው ላይ የተጻፈው ግብ አሰልጣኙን አያስገድዳቸውም፤ ቦርዱን ግን ያስወቅሰዋል። አንቀጹ ካለ ደግሞ የመግለጫው ቃል ከአንቀጹ መብለጥ የለበትም። ውሉ «ከምድቡ እስከ ሦስተኛ» እያለ መግለጫው «ማደግ» ካለ፣ ሦስተኛ ወጥተው ውላቸውን በሚገባ የፈጸሙ አሰልጣኝ በሕዝብ ዘንድ እንደወደቀ ሰው ይታያሉ። እኔ ብሆን የምጽፈው ሥራውን ነው፦ ምክትሉንና የበረኞች አሰልጣኙን ማን ይመርጣል፣ ከወጣት ቡድኑ ስንት ተጫዋች ለዝግጅት ይጠራል፣ ዝግጅቱ የት ይሆናል። ደጋፊው ይህን አንብቦ የራሱን ተስፋ ራሱ ይሠራል።

«ንግግሩን እኛ ብንጽፍላቸው ምን ችግር አለው? ሁሉም እንዲያ ነው የሚያደርገው።»

መጻፉ ችግር የለውም። ችግሩ ሳያዩት ማውጣት ነው። አሰልጣኙ በመጀመሪያው ቃለ ምልልስ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ካሉ መግለጫው በሙሉ ይጠረጠራል። የተጻፈላቸው ንግግርም በቀላሉ ይታወቃል፤ «የተጣለብኝን ታላቅ ኃላፊነት በብቃት ለመወጣት ዝግጁ ነኝ» የሚለውን ማንም ሰው ሊለው ይችላል። ስልክ ደውሎ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይሻላል፦ «ቡድናችንን ባለፈው ዓመት ሲገጥሙን ምን አዩ?» «ከእኛ ጋር ስትጫወቱ መሀል ሜዳው ከባድ ነበር፤ ከሰባኛው ደቂቃ በኋላ ግን ትደክማላችሁ» የሚል ዓይነት መልስ ከመጣ ርዕስ የሚሆን ንግግር ተገኘ ማለት ነው። ተጽፎ ይላክላቸውና «ይሁን» ሲሉ መልእክቱ ይቀመጥ።

«የለቀቀውን አሰልጣኝ ባናነሳው ይሻላል።»

ካላነሳነው የጋዜጠኛው የመጀመሪያ ጥያቄ እሱ ይሆናል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ መቼ እንደለቀቁና በማን ቦታ አዲሱ እንደመጡ። «በስምምነት ተለያይተዋል» የሚባለው የተፈረመ የመለያያ ወረቀት ካለ ብቻ ነው። የቀሪ ደመወዝ ክርክር ላይ እያሉ እንዲህ ከተጻፈ፣ የቀድሞው አሰልጣኝ በዚያው ምሽት ፌስቡክ ላይ መልሱን ይሰጣሉ። ወረቀቱ ከሌለ «ከክለቡ ጋር ያላቸው ሥራ ሐምሌ 15 ቀን አብቅቷል» ይባላል፤ ምክንያቱ አይነካም። በመሀል ቡድኑን ይዞ የቆየው ጊዜያዊ አሰልጣኝም አይረሳ። ወደ ምክትልነቱ ተመልሶ እንደሆነ መግለጫው ካልተናገረ፣ ልጁ ልምምድ ላይ የሚቆምበት ይጠፋዋል።

«ፎቶው ላይ ጽፈን ፌስቡክ ላይ ከለጠፍን አለቀ።»

ከፎቶ ላይ ጽሑፍ በቀላሉ መቅዳት አይቻልም። አዘጋጁ እንደገና ሲተይበው ስም ይሳሳታል። ጽሑፉ ለብቻው፣ ፎቶው ለብቻው ይላክ፤ ከፎቶው ሥር ከግራ ወደ ቀኝ ማን እንደሆነ ከነኃላፊነቱ ይጻፍ። መጨረሻ ላይ አንድ ስልክ ቁጥር ይቀመጥ፤ በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ በእርግጥ የሚነሳ ስልክ ይሁን።